የነጋዴ ጡረታ፦ ከስንት ብር ላይ እንክፈል?



መርካቶ ውስጥ ጡረታ የሚለው ቃል ሲነሳ ብዙ ጊዜ ሳቅ ነው የሚከተለው። «የነጋዴ ጡረታው ሱቁ ነው፤ እስኪሞት ይነግዳል፣ ሲሞት ልጁ ይቀጥላል» ይባላል። ከአንዋር መስጊድ ብዙም ሳንርቅ በአንድ መደዳ ላይ የልጆች ልብስ፣ ሻሽና ሂጃብ የምንሸጥ አምስት ሰዎች ነን፤ እኛም ይህን አባባል ስንሰማም ስንደግምም ኖረናል። አባባሉ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። በእርግጥም ሱቁ ብዙ ሽማግሎችን ጦሯል፤ ብዙ የቲሞችንም አሳድጓል። ነገር ግን ሱቁ ጡረታ ሊሆን የሚችለው ዕቃው ካለ፣ ቦታው ካልተነካ፣ ልጁም በሱቁ ሊቀመጥ ከፈቀደ ነው። በዘመናችን ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሌላ ሙያ ይይዛሉ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ደስም ይለናል። የሱቁን ቁልፍ የሚረከበን ግን እያነሰ ነው።

በጥቅምት 2017 በሸማ ተራ የተነሳውን እሳት የማያስታውስ የመርካቶ ሰው የለም። በዚያ ምሽት ጭሱን ከሩቅ እያየን ስንት ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ጣውላ ላይ ደርድሮት እንደነበር አስበን ነበር። ብዙዎቻችን ትርፋችንን ባንክ አናስቀምጥም፤ መልሰን ዕቃ እንገዛበታለን። ዕቃው ይዞራል፣ ያድጋል፤ የብር ዋጋ ሲወርድም የዕቃው ዋጋ ይወጣል። ይህ ብልህነት ነው። ሆኖም ያለው ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሰው እሳት፣ ጎርፍ ወይም የቦታ መነሳት ሲመጣበት የሚይዘው ሌላ ነገር የለውም።

«ዕቁብና ዕድር አለን አይደል?» የሚል ይኖራል። አለን፤ እናመሰግናለን። ዕቁብ ግን የገዛ ገንዘባችንን ጠቅልሎ አንድ ጊዜ ይሰጠናል፤ ለዕቃ መግዣ ይሆናል እንጂ ሰባ ዓመት ሞልቶን ጉልበታችን ሲከዳን በየወሩ አይመጣም። ዕድርም ቀብራችንን ያስፈጽማል፣ ለቅሶውን ያሸኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የባለቤታችንን ወር አይሸፍንም። በሁለቱ መካከል ያለው ረጅሙ ዘመን፣ ማለትም መሥራት ካቆምንበት ቀን እስከ መጨረሻችን ያለው፣ በማንም አልተያዘም። ይህን ነው በዕቁባችን ዕጣ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀምጠን መነጋገር የጀመርነው።

ወሬውን ያነሳችው በመካከላችን ያለች እህታችን ናት። እሷ ሱቅ የምትጠብቅላት አንዲት ልጅ ቀጥራለች። ለልጅቷ በሕጉ መሠረት የጡረታ መዋጮ ታስገባለች፤ 7 በመቶውን ከልጅቷ ደመወዝ ትቀንሳለች፣ 11 በመቶውን ከራሷ ትጨምራለች። «ለልጅቷ ጡረታ እከፍላለሁ፤ እኔ ግን የለኝም» አለችን። ሁላችንም ዝም አልን። በመርካቶ ይህ ብርቅ አይደለም፤ አሠሪው ለተቀጣሪው እያዋጣ ራሱ ከውጭ የሚቀር ባለሱቅ ብዙ ነው።

በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኞች በጡረታ የታቀፉት በ2003 በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 715 ነው። ከዚያ በፊት የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነበር ጡረታ የሚያውቀው። በ2014 ደግሞ ያንን የሚተካ ዐዋጅ ቁጥር 1268 ወጣ። የሚያስተዳድረው የግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። ለተቀጣሪ ግዴታ ነው። ቀጣሪ ለሌለውና በራሱ ሥራ ለሚተዳደር ሰው ግን ግዴታ ሳይሆን በፈቃድ የሚገባበት በር ተትቶለታል። ይህን በር አብዛኛው ነጋዴ አያውቀውም፤ የሚያውቀውም «እሱ የደሞዝተኛ ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በፈቃዱ የሚገባ ነጋዴ «ስንት ልክፈል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመርጠው መቶኛውን አይደለም። መቶኛው የታወቀ ነው። የተቀጣሪው 7 እና የአሠሪው 11 ሲደመሩ 18 በመቶ ይሆናሉ፤ አሠሪ የሌለው ሰው ሁለቱንም የሚሸከመው ራሱ ነው። ስለዚህ የሚመርጠው ነገር «ወርሃዊ ገቢዬ ይህን ያህል ነው» ብሎ የሚያስመዘግበውን መጠን ነው። 5,000 ብር ያለ ሰው በወር 900 ብር ያዋጣል፤ 10,000 ያለ 1,800 ያዋጣል። በኋላ የሚያገኘው አበልም የሚሰላው ከዚያው ካስመዘገበው ገቢ ላይ ነው። ከልቡ የሚያገኘው ሌላ፣ ያስመዘገበው ሌላ ቢሆን የሚቆጠርለት ያስመዘገበው ነው።

የአበሉ ስሌት እንዲህ ነው። መጦሪያ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። 10 ዓመት ያዋጣ ሰው፣ ከመጦሩ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት የነበረው አማካይ ወርሃዊ ገቢ ተይዞ የዚያ 30 በመቶ በየወሩ ይከፈለዋል። ከ10 በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። 20 ዓመት ያዋጣ 42.5 በመቶ፣ 30 ዓመት ያዋጣ 55 በመቶ ይደርሳል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

ይህን ስሌት ነጋዴ በነጋዴ ዐይን ቢያየው አንድ ነገር ወዲያው ይታየዋል። የመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት እያንዳንዳቸው 3 በመቶ ያህል ይሰጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ግን 1.25 ብቻ። ስለዚህ ትልቁ ዋጋ ያለው 10 ዓመት መሙላቱ ላይ ነው። 9 ዓመት ከመንፈቅ አዋጥቶ ያቋረጠ ሰው ወር በወር የሚመጣ አበል የለውም፤ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ተቀብሎ ይሰናበታል። ከስድስት ወር መዋጮ የተነሳ የዕድሜ ልክ አበል ይቀርበታል ማለት ነው። በመደዳችን ያለ አንድ ወንድማችን «እንግዲያው 10 ዓመት ከፍዬ ላቁም» ብሎ ነበር። እንዲህ ማሰብ የሚችለው ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው። እሱ ገና 35 ዓመቱ ነውና በ45 ቢያቆም አበሉን እስከ 60 ሊጠብቅ ነው፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ የሚሰላለት ከ15 ዓመት በፊት ያስመዘገበው ገቢ ነው። የዛሬ 15 ዓመት አንድ ሻሽ በስንት እንሸጥ እንደነበር አስታውሱና ፍረዱ።

የእህታችንን ጉዳይ በዝርዝር እናንሳው፤ በእሷ ላይ ያወጣነው ሒሳብ ለሌላውም ይጠቅማልና። ዕድሜዋ 38 ነው። ባለቤቷ ሹፌር ነው፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። እስከዚያን ጊዜ ድረስ «በወር ስንት ታገኚያለሽ?» ብትባል የምትመልሰው የሽያጩን ነበር። ሽያጭ ግን ገቢ አይደለም። ስድስት ወር ሙሉ በአንድ ደብተር ላይ ማታ ማታ እየጻፈች፣ ከሽያጩ የዕቃውን መግዣ፣ የሱቅ ኪራዩን፣ የተሸካሚውን፣ የልጅቷን ደመወዝና መዋጮ፣ ግብሩን እየቀነሰች የተረፈውን አወቀች። ለዒድ ሰሞን የተረፋት 34,000 ብር ነበር። በነሐሴ ዝናብ ሲወርድ፣ መንገዱ ሲጨቀይ፣ ገዢው ለመስከረም የትምህርት ቤት ወጪ ገንዘቡን ሲሰበስብ፣ የተረፋት 9,000 ብቻ ነው።

እንግዲህ የትኛውን ታስመዝግብ? ከመካከላችን አማካዩን ያላት አለ። አማካዩ 15,000 ላይ ያርፋል። ከ15,000 ላይ 18 በመቶ 2,700 ብር ነው፤ በቀን 90 ብር ማለት ነው። ለዒድ ሰሞን ይህ የማይታወቅ ገንዘብ ነው። በነሐሴ ግን ከተረፋት 9,000 ላይ 2,700 ስታወጣ ከሦስት ብር አንዱን ያህል ለመዋጮ ሰጠች ማለት ነው፤ በቀረው ሦስት ልጅ መመገብና ቤት ማስተዳደር አለ። በዚህ ጊዜ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ አንድ ወር ይዘላል፣ ከዚያ ሁለት ወር፣ ከዚያ ይተወዋል። ያልተከፈለበት ወር ደግሞ ለአገልግሎት አይቆጠርም። ስለዚህ በደኅናው ወር ልክ የተሰፋ መዋጮ በክፉው ወር ይቀደዳል።

እኛ የተስማማነው ከክፉው ወር እንድትነሳ ነው። 8,000 ብር ብታስመዘግብ መዋጮዋ 1,440 ብር ይሆናል፤ በቀን 48 ብር። ማታ ሱቅ ስትዘጋ 50 ብር በተለየች ቆርቆሮ ውስጥ ትጥላለች፤ ወር ሲሞላ መዋጮዋ ተሟልቶ ጥቂትም ይተርፋታል። ለዕቁብ በየቀኑ መጣል የለመደ እጅ ይህ አይከብደውም። ለመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙ ሲከፈል መዋጮው አስቀድሞ ተቀንሶ ስለሚመጣ አያየውም፤ ነጋዴ ግን ገንዘቡ እጁ ገብቶ ነው የሚያወጣው። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ። በኬንያ በ2011 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለጥቃቅን ነጋዴዎችና ለእጅ ባለሙያዎች ባቋቋሙት የጡረታ ቁጠባ፣ መዋጮውን በቀን 20 ሽልንግ አድርገው በእጅ ስልክ እንዲላክ ያደረጉት ይህንኑ አውቀው ነው፤ የቀን ገቢ ያለው ሰው በቀን ነው የሚቆርጠው።

ምን ታገኛለች? ከ38 እስከ 60 ያለው 22 ዓመት ነው። ለ10ሩ 30 በመቶ፣ ለ12ቱ 15 በመቶ፣ ጠቅላላው 45 በመቶ። ያስመዘገበችው ገቢ እስከ መጨረሻው 8,000 ብር ሆኖ ቢቀር በወር 3,600 ብር ይከፈላታል። በ22 ዓመት ያዋጣችው 380,160 ብር ነው፤ በአበል መልክ ተመልሶ የሚያልቀው ዘጠኝ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ አላህ ዕድሜ ከሰጣት የሚመጣው ካዋጣችው በላይ ነው። ካልሰጣትም ገንዘቡ ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ለትዳር ጓደኛ የአበሉ 50 በመቶ፣ ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ ለእያንዳንዱ 20 በመቶ ይከፈላል። ለባሏ 1,800፣ ለአንድ ልጅ 720 መሆኑ ነው።

ታላቃችን ሐጂ ይህን ሰምተው «3,600 ብር የዛሬ 22 ዓመት የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ቢሆንስ?» አሉ። ሳቅን፤ ግን የቀልድ ጥያቄ አይደለም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ መግዣ እንዴት እንደዘለለ የምናውቀው እኛ ነን። መልሱ ያለው ከላይ ባየነው ስሌት ውስጥ ነው። አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ገቢ እንጂ በ22ቱ ዓመት አማካይ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ በትንሽ ብር የተከፈለው ዓመት፣ ዓመት ሆኖ ይቆጠራል፤ ብሩ ግን በኋለኛው ልክ ይሰላል። ጉዳት የሚያገኘው አንድ ጊዜ 8,000 ብሎ አስመዝግቦ ለ22 ዓመት የረሳው ሰው ነው። እህታችን ደብተሩን በየዓመቱ ነሐሴ ወር ላይ እንድታየውና የክፉው ወር ትርፍ ከፍ ባለ ቁጥር ያስመዘገበችውንም ከፍ እንድታደርግ ተመካክረናል። እንበልና ገቢዋ ከዋጋው ጋር እያደገ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ያስመዘገበችው 40,000 ቢሆን፣ አበሏ የዚያ 45 በመቶ፣ ማለትም 18,000 ብር ይሆናል።

«እንግዲያው እስከ 57 ዓመቴ ዝቅተኛውን ከፍዬ በመጨረሻው ሦስት ዓመት ላስዘልለው» የሚል ብልጥ አይጠፋም፤ በእኛም መካከል አልጠፋም። ፈንዱን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ይህን ሳያዩ ያልፉታል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ከዚያም በላይ የሌላውን አባል ገንዘብ መውሰድ ነው። ቀስ በቀስ፣ ከእውነተኛው ገቢ ጋር፣ በደብተር ተደግፎ የሚያድግ ግን ጥያቄ አያስነሳም። ገቢውን በግብሩ ወረቀት ላይ አንድ፣ በጡረታው ላይ ሌላ አድርጎ የሚጽፍም ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ቀን እንደሚገናኙ ይወቅ።

ከጡረታው ውስጥ አንድ የማይመለስ ነገር አለ፤ እሱም ብር ከሞላ ጎደል ዋጋውን ሲያጣ ከተጦሩ በኋላ አበሉ በራሱ ከዋጋው ጋር አለመውጣቱ ነው። ጭማሪ የሚደረገው ሲወሰን ነው። ስለዚህ ጡረታው የሱቁን ቦታ ይተካል ብለን አናምንም። ሱቁና ዕቃው የዋጋ ንረቱን ይከላከላሉ፣ እሳቱን ግን አይከላከሉም፤ ጡረታው እሳቱን ይከላከላል፣ ንረቱን ግን በከፊል ነው። ሁለቱም ያስፈልጉናል ያልነው ለዚህ ነው።

ሐጂ ራሳቸው 54 ዓመታቸው ነው። እስከ 60 የቀራቸው 6 ዓመት ነውና 10 አይሞላላቸውም። በዚህ ዕድሜ የሚጀምር ሰው የሚጠብቀው ዳረጎት ብቻ መሆኑን አውቆ መወሰን አለበት። ነገር ግን ስናወራ አንድ ነገር ተገኘ፤ ሐጂ በወጣትነታቸው በመንግሥት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 7 ዓመት ሠርተዋል፤ ጡረታም ይቆረጥባቸው ነበር። ያ አገልግሎት ከአሁኑ ጋር ቢያዝላቸው 13 ዓመት ይሆናል፣ አበሉም 33.75 በመቶ። ወረቀቱን ካገኙ ጉዳዩ ይለወጣል። አሁን ቤታቸው ያለውን የድሮ ሻንጣ ሁሉ እየፈተሹ ነው። በመርካቶ ከንግዱ በፊት ተቀጥሮ የሠራ ሰው ስንት አለ! የሥራ ልምድ ደብዳቤውን የት እንዳደረገው አሁኑኑ ይፈልግ።

ወረቀት ካነሳን አይቀር፣ እኛን ሙስሊሞችን በተለይ የሚያስቸግር አንድ ነገር እንናገር። ስማችን በየወረቀቱ በተለያየ ሆሄ ይጻፋል። በንግድ ፈቃዱ ላይ «መሐመድ»፣ በመታወቂያው ላይ «ሙሀመድ»፣ በኒካሕ ወረቀቱ ላይ «ሙሐመድ» ሆኖ ይገኛል። እየከፈሉ ሳሉ ማንም አይጠይቅም። ጥያቄው የሚመጣው 22 ዓመት ቆይቶ፣ ምናልባትም ባለቤቱ በሕይወት ከሌለ በኋላ፣ ሚስቱ ፊት ላይ ነው። «ይህ ሰውና ያ ሰው አንድ መሆኑን አስመስክሪ» ትባላለች። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ሆሄውን ማስተካከል ይሻላል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ብዙዎቻችን «በዝናብ ወቅት፣ እገሌ በሞተ በዓመቱ» ተብለን የተወለድን ነን፤ በመጀመሪያው ምዝገባ የሰጠነው ዕድሜ በኋላ ለመቀየር አስቸጋሪ ነው።

ኒካሕም ከመስጊድ ወይም ከቤት አልፎ ካልተመዘገበ ለሚስት የሚተርፈውን 50 በመቶ ለማግኘት እንቅፋት ይሆናል። የልደትና የጋብቻ ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ2008 ጀምሮ እየተሠራበት ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተጋቡም ማስረጃቸውን ማውጣት ይገባቸዋል። በተጨማሪም የእያንዳንዱን ወር ደረሰኝ በአንድ ካርቶን ማስቀመጥና በዓመት አንድ ጊዜ ስንት ወር እንደተያዘ መጠየቅ ነው። 12 ተከፍሎ 11 የተያዘ እንደሆነ በዚያው ዓመት ይስተካከላል፤ ከ20 ዓመት በኋላ ግን ደረሰኙን አይጥ በልቶታል።

የመጨረሻውና ከባዱ ጥያቄ የሐላልነቱ ነው። ይህን ያነሳው የ35 ዓመቱ ወንድማችን ነው። የጡረታ ፈንዱ ገንዘብ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲውል የቆየው በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ነው፤ ያ ደግሞ ወለድ ያስገኛል። «ተቀጣሪው ተገዶ ነው የሚገባው፤ እኔ ግን በፈቃዴ ስገባ ምን እመልሳለሁ?» አለ። ጥያቄውን ይዘን ወደምናውቃቸው ሸይኽ ሄድን። እሳቸው ፈጥነው አልፈረዱም። መጀመሪያ ጠየቁን፤ እያንዳንዱ አባል የራሱ ሒሳብ ኖሮት ወለዱ በስሙ ይጨመርለታል ወይ? አይደለም፣ አበሉ በዓመትና በገቢ ነው የሚሰላው፣ አልናቸው። ሰው ሲሞት የሚተርፈው እንደ ውርስ ይከፋፈላል ወይ? አይደለም፣ የሟች ንብረት ሆኖ ሳይሆን ሕጉ ለእያንዳንዱ ተተኪ በስሙ የሚሰጠው ነው፣ አልናቸው። አባሉ ገንዘቡ የት እንዲውል መምረጥ ይችላል ወይ? አይችልም፣ አልናቸው።

ሸይኹም ዑለማዎች በዚህ ጉዳይ የተለያየ አመለካከት እንዳላቸው፣ አንዳንዶቹ የመረዳጃ ጥላ አድርገው እንደሚያዩት፣ ሌሎቹ ወለድ ከገባበት በፈቃድ መግባትን እንደማይወዱት ነገሩን፤ እያንዳንዳችንም የምናምነውን ዓሊም ጠይቀን እንድንወስን መከሩን። ማሌዢያ ውስጥ የሠራተኞች ፈንድ ከ2017 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ አባሉ ከፈለገ ገንዘቡ በሸሪዓ መሠረት ብቻ እንዲውል የሚመርጥበትን መንገድ ከፍቷል፤ የራሳቸው ሥራ ያላቸው ሰዎችም በፈቃዳቸው ይገቡበታል። በእኛም አገር ይህ ምርጫ ቢኖር በመርካቶ ስንት ነጋዴ በተመዘገበ! ጥያቄውን በአግባቡ ጽፎ ለሚመለከተው አካል ማቅረብ የነጋዴው ማኅበረሰብ ድርሻ ነው እንላለን።

ከአምስታችን እህታችንና አንድ ሌላ ወንድማችን ለመግባት ወስነው ወረቀታቸውን እያስተካከሉ ነው። ሐጂ የፋብሪካውን ደብዳቤ ይፈልጋሉ። የ35 ዓመቱ ወንድማችንና አምስተኛችን ግን ለጊዜው አልገቡም። እነሱም ያንኑ በቀን 48 ብር ከወለድ ነጻ በሆነ ባንክ በሙዷረባ ሒሳብ ሊያስቀምጡ ተስማምተዋል፤ ዕቃ ለመግዛት እንዳይነካም ደብተሩን ለሚስቶቻቸው ሰጥተዋል። በዚህኛው መንገድ ገንዘቡ የራሳቸው ነው፤ ያለቀ ቀን ግን ያልቃል፣ ዕድሜ ልክ የሚከፈል አበልም ለሚስት የሚተርፍ 50 በመቶም የለበትም። ይህንንም ጽፈው፣ አውቀው ነው የገቡበት።

ወሰላሙ ዐለይኩም።